የሦስት ደቂቃውን «ራሴን ላስተዋውቅ» አንድ ደቂቃ ውስጥ ማስገባት

ከዓመታት በፊት ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ኢንተርቪው ገባሁ። «እስቲ ስለራስህ ትንሽ ንገረን» አሉኝ። ጀመርኩ። ከተወለድኩበት ቀበሌ ተነስቼ ገና ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አንደኛው ፈታኝ ሰዓቱን አየ። አሥረኛ ክፍል ስገባ ሁለተኛዋ ስልኳን አነሳች። ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ «እሺ፣ እናመሰግናለን፣ ወደ ጥያቄው እንለፍ» ተባልኩ። የሠራሁት ሥራ አፌ ውስጥ ቀረ።

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከፍኖተ ሰላም ደወለችልኝ። ባሕር ዳር ለዘር ጥራት ተቆጣጣሪነት ተወዳድራ ጽሑፉን አልፋለች፣ ኢንተርቪው ቀርቷታል። «ራስሽን አስተዋውቂ ካሉኝ ምን ልበል?» አለች። በይ እስቲ ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ። 3 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ፈጀባት፤ ከኔ አትሻልም ማለት ነው። ሁለት ማታ ተቀምጠን ከአንድ ደቂቃ በታች አወረድነው። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቅዱት፣ ከዛ ጻፉት

ብዙ ሰው ወረቀት ይዞ መጻፍ ይጀምራል። አትጀምሩ። ስንጽፍ ሌላ ሰው ነው የምንሆነው፤ ቃላችን ይጠብቃል፣ እውነተኛው መንዛዛት ይደበቃል። ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱና ፈታኝ ፊታችሁ እንዳለ አድርጋችሁ አንዴ ብቻ ተናገሩ። ብትሳሳቱም አታቁሙ።

ከዛ ቁጭ ብላችሁ የተቀዳውን ቃል በቃል ገልብጡ። «እእእ»ውም፣ «እንግዲህ»ውም፣ «ማለት ነው»ም ሳይቀር። አሰልቺ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ግን የራስን ንግግር በጽሑፍ ማየት የሚያስደነግጠውን ያህል ሌላ ምንም አያስደነግጥም። የአክስቴ ልጅ «ማለት ነው»ን ስትቆጥር ቆይታ ስቃ ተወችው።

አሁን ቃላቱን ቁጠሩ። እሷ 262 ቃል ነበራት። በ188 ሰከንድ ሲካፈል በደቂቃ ወደ 84 ቃል ገደማ ነው የምትናገረው። ይሄ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። ኢንተርኔት ላይ ለአንድ ደቂቃ 130 ወይም 150 ቃል የሚል ምክር ታገኛላችሁ፤ እሱ ለእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ አንዱ ቃል ላይ ብዙ ይጭናል። «እስክነግራቸው» አንድ ቃል ነች፣ በእንግሊዝኛ ብትሄዱ ግን አራት ትሆናለች። ስለዚህ የሰው ቁጥር አትዋሱ፣ የራሳችሁን ፍጥነት ለኩ። የሷ ልክ 80 ቃል ሆነ። ለሰላምታና ለትንፋሽ ትንሽ ትርፍ ተደርጎ ማለት ነው።

ሰዓቱ የት እንደሄደ ፈልጉ

262ቱን ቃል በየጉዳዩ ከፋፈልነው። ትውልድና ትምህርት ቤት 59 ቃል። ቤተሰብ 34። ዩኒቨርሲቲ የወሰደቻቸው ኮርሶችና የመመረቂያ ጽሑፍ 52። «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ» 31። ሥራ 47። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ዕድሉን ብትሰጡኝ» እያሉ ማመስገን 39።

አያችሁት? ስለ ሥራዋ በደንብ ማውራት የምትጀምረው ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። እዛ ድረስ የሚጠብቅ ፈታኝ የለም። ቢኖርም በዛን ሰዓት ጆሮው ሄዷል።

ይሄ የሷ ጥፋት ብቻ አይደለም። እኛ ጋ ሰው ሲተዋወቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ነው። ሠርግ ቤት ብትሄዱ፣ ለቅሶ ብትሄዱ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከጎናችሁ የተቀመጡ አዛውንት ቢጠይቋችሁ፣ አገራችሁን ሳትናገሩ ስለ ሥራችሁ ማውራት እንደ መኩራራት ይቆጠራል። አገር ስትናገሩ ደግሞ እሳቸውም ዘመድ ይፈልጋሉ፣ ወሬው ይደራል። ደስ የሚል ነገር ነው። ፈታኞቹ ግን ዘመድ እየፈለጉ አይደለም። ትውልዳችሁና ትምህርታችሁ ፊታቸው ባለው ሲቪ ላይ ተጽፏል፤ እናንተ ስታወሩ እነሱ እያነበቡት ነው።

ማስታወቂያውን አውጡ

ምን እንደሚቀር የሚወስነው የእናንተ ስሜት ሳይሆን የሥራ ማስታወቂያው ነው። የሷን አወጣነው። ከትምህርት ደረጃና ከልምድ ዓመት ሌላ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ማሳ መመርመር፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የዘር ናሙና መፈተሽ፣ ከገበሬ ጋር ተግባብቶ መሥራት። አበቃ።

አሁን የገለበጣችሁትን ወረቀት ከላይ ጀምራችሁ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሂዱ። ከሦስቱ አንዱን የሚያሳይ ከሆነ አክብቡት። ሲቪው ላይ ያለ ከሆነ በአንድ መስመር ሰርዙት። ከሁለቱም ካልሆነ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ጥያቄ ምልክት ያለበትን አትቸኩሉበት፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

እሷ ወረቀት ላይ የተከበበው 47 ቃል ያለው የሥራው ክፍል ብቻ ሆነ። እሱም ቢሆን ችግር ነበረበት፣ እናየዋለን።

ሰንሰለቱን በጥሱት

ይሄ ዋናው ነው፤ ሌላውን ብትዘሉት እንኳ ይሄን አትዝለሉ። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሯን እንዳለ ላስፍረው።

«እሺ፣ እንግዲህ፣ እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጎጃም ፍኖተ ሰላም አካባቢ ሆኖ፣ አንደኛ ደረጃን እዛው ሰፈራችን ባለ ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ ከተማ ቤት ተከራይቼ ጨርሼ፣ ከዛ የመሰናዶ ፈተና ጥሩ ውጤት አምጥቼ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ፣ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ፣ ትንሽ ጊዜ ሥራ ፈትቼ ቤት ተቀምጬ፣ ከዛ በኋላ በዘር ማባዛት ሥራ ላይ ገብቼ፣ እስካሁን እዛው እየሠራሁ ነው ያለሁት ማለት ነው።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። 59 ቃል፣ በሷ ፍጥነት 42 ሰከንድ። ከደቂቃዋ ሁለት ሦስተኛው እዚህ አለቀ። ውስጡን እዩት። ተወልጄ፣ ሆኖ፣ ተምሬ፣ ተከራይቼ፣ ጨርሼ፣ አምጥቼ፣ ተመድቤ፣ ተመርቄ፣ ፈትቼ፣ ተቀምጬ፣ ገብቼ። አሥራ አንድ። እነዚህ ሁሉ የማይዘጉ ግሶች ናቸው። «ተምሬ» ስትሉ ሰሚው «እና ከዛስ?» ብሎ ይጠብቃል፤ «ተመርቄ» ስትሉም እንደገና ይጠብቃል። አማርኛ ዋናውን ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ፈታኙ ልጅቷ የዘር ባለሙያ መሆኗን የሚያውቀው አርባ ሰከንድ ታግሶ ነው።

ተናጋሪዋም ወጥመድ ውስጥ ናት። «ተመርቄ» ካለች በኋላ ማቆም አትችልም፤ ቋንቋው አይፈቅድላትም። የግድ ሌላ መጨመር አለባት። ሰው ሲደነግጥ የሚንዛዛው ወሬ ስለሚወድ ብቻ አይመስለኝም። ሰንሰለቱን መዝጊያ ስላጣ ነው።

ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ግስ አታስገቡ። «ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ገብቼ» የሚለውን «ተማርኩ። ተመረቅኩ። ገባሁ።» አድርጋችሁ ጻፉት። ወረቀት ላይ ደረቅ ይመስላል፣ የሕፃን ድርሰት ይመስላል፣ ግድ የለም። ጥቅሙ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ራሱን ችሎ ሲቆም የትኛው እንደማያስፈልግ ይታያል። «ቤት ተከራየሁ።» ብሎ ብቻውን የቆመ ዓረፍተ ነገር አይታችሁ ለዘር ጥራት ሥራ ምን አገባው ማለታችሁ አይቀርም። ሰንሰለት ውስጥ ሳለ ግን ተደብቆ ያልፋል።

አሥራ አንዱን ለያየን። አሥሩ ወደቀ። «የዕፅዋት ሳይንስ ባለሙያ ነኝ» የሚል አራት ቃል ቀረ። 59 ቃል 4 ሆነ።

ልማዱ ቶሎ አይለቅም፣ ልንገራችሁ። በማግስቱ ስትለማመድ «የዕፅዋት ሳይንስ ባለሙያ ሆኜ…» ብላ ጀመረች። ሰንሰለቱ ተመልሶ መጣ። እሱን ያስተካከልነው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ አፏን እንድትዘጋ በማድረግ ነው። ከንፈር ገጥሞ አንዴ በአፍንጫ መተንፈስ፣ ከዛ ቀጣዩ። «ሆኜ» ብሎ አፍ መዝጋት አይቻልም፤ «ነኝ» ብሎ ግን ይቻላል።

የሪፖርት አማርኛን ወደ ሰው አማርኛ መልሱ

አሁን ወደ ተከበበው ክፍል። ከሱ ውስጥ ይሄ ነበረበት።

«በሥራዬም ላይ የተለያዩ የማሳ ምርመራ ሥራዎች ተሠርተዋል፣ ለአርሶ አደሮችም ግንዛቤ የማስጨበጥ ሥራ ተከናውኗል፣ አንዳንድ ክፍተቶችም ታይተው እንዲስተካከሉ ተደርጓል።»

መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይሄን ቋንቋ ያውቀዋል፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት ነው። ችግሩ ሰው የለበትም። ማን ሠራው? ስንት ማሳ? ክፍተቱ ምንድነው? ይሉኝታም አለበት፤ «እኔ ሠራሁ» ማለት ስለሚከብደን «ተሠርቷል» እንላለን። ኢንተርቪው ላይ ይሄ ትሕትና ተቆጥሮ ነጥብ አያመጣም፤ ፈታኙ ሥራውን የሌላ ሰው አድርጎ ነው የሚጽፈው።

እንዲህ አወራን።

«ስንት ማሳ ነበር የያዝሽው?»

«አምና? ሠላሳ ሁለት።»

«ክፍተት ያልሽው ምንድነው?»

«አራቱ ላይ ወንዴ አበባ መንቀል ዘግይቶ ነበር።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«ጠዋት ጠዋት ከገበሬዎቹ ጋር እየዞርን አስነቀልነው። ሦስቱ ዳኑ። አንዱ ግን ረፍዶበት ነበር፣ ከዘርነት ይውጣ ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ተቆጥቶ ሊያናግረኝ ሁሉ አልፈለገም ነበር።»

እንግዲህ ይሄ ነው ወርቁ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ ድቅል በቆሎ ዘር ሲባዛ የእናትና የአባት መስመር ተለይቶ ይዘራል። የእናቲቱ አናት ላይ የሚወጣው ወንዴ አበባ ዱቄቱን ሳይበትን መነቀል አለበት። ከዘገየ እናቲቱ በራሷ ዱቄት ታፈራለች፣ ዘሩም ዘር መሆኑ ይቀርና እህል ይሆናል። የዘር ጥራት ፈታኝ ይሄን ሲሰማ ልጅቷ ማሳ ውስጥ እንደቆመች ያውቃል። ማስረዳት አያስፈልጋትም። እና ይሄን የመሰለ ነገር ሦስት ደቂቃው ውስጥ «አንዳንድ ክፍተቶች» ተብሎ ተቀብሮ ነበር!

ስለዚህ ስትቆርጡ ማሳጠር ብቻ አይደለም፤ እዚህ ቦታ ላይ ጨምሩ። አንድ የሠራችሁትን ነገር ምረጡ፣ አንድ ብቻ። ቁጥር ይኑረው፣ ችግር ይኑረው፣ እናንተ ያደረጋችሁት ይኑርበት። ከደቂቃው ግማሹን ለሱ ስጡት። ብዙ ሰው በተቃራኒው አምስት ነገር በየአሥር ሰከንዱ ይጠራል፤ ፈታኙ አንዱንም አያስታውስም። «ሠራሁ» እና «ሠራን»ንም በእውነቱ ለዩ። የነቀሉት ገበሬዎቹ ናቸውና «አስተካከልን» ትላለች፤ ሪፖርቱን የጻፈችው እሷ ናትና «ጻፍኩ» ትላለች።

የሆነው ይሄ ነው

«ጤና ይስጥልኝ። የዕፅዋት ሳይንስ ባለሙያ ነኝ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ጃቢ ጠህናን ወረዳ ውስጥ የበቆሎ ዘር ከሚያባዙ ገበሬዎች ጋር ሠርቻለሁ። ሥራዬ ማሳ መመርመርና የዘር ናሙና መውሰድ ነበር። አምና ሠላሳ ሁለት ማሳ ተከታትያለሁ። ከነሱ ውስጥ አራቱ ላይ የእናት መስመሩን ወንዴ አበባ መንቀል ዘግይቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከገበሬዎቹ ጋር እየዞርኩ ሦስቱን አስተካከልን። አራተኛው ግን ስለረፈደበት ከዘርነት እንዲወጣ ሪፖርት ጻፍኩ። ገበሬው ተቆጥቶ ነበር፤ ማሳው ላይ ቆሜ አሳየሁትና ተግባባን። የብቅለት ሙከራም ራሴ እሠራለሁ። እዚህ ያመለከትኩት ማሳ ላይ የማየውን ችግር ላቦራቶሪ ውስጥም መከታተል ስለምፈልግ ነው። አመሰግናለሁ።»

ቁጠሩት፣ 80 ቃል ነው። ስሟን አስቀድማ ትናገራለች፣ እሱን እዚህ ትቼዋለሁ። ስትለው 54 ሰከንድ ሆነ። ማስታወቂያው የጠየቃቸው ሦስቱም ነገሮች አሉበት። «ታታሪ ነኝ» የሚል የለም፤ ጠዋት ጠዋት የዞረችው ስለነገረን። «ከሰው ጋር እግባባለሁ» የሚልም የለም፤ የተቆጣው ገበሬ ስላለ። ባሕርይ በቅጽል ሲነገር ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም ታታሪ ነው፣ ሁሉም ታማኝ ነው፣ ሰነፍ ነኝ ብሎ የሚገባ አላየሁም።

ፍኖተ ሰላም የሚለው ጠፋ፣ ጃቢ ጠህናን ግን ቀረ። ምክንያቱም የመጀመሪያው የተወለደችበት ነው፣ ሁለተኛው የሠራችበት። ፈታኙ አካባቢውን ካወቀ የትኞቹ ገበሬዎች እንደሆኑ ይገባዋል። ስለዚህ ቦታ ሁሉ ይሰረዝ ማለቴ አይደለም። ሥራችሁን የሚያስረዳ ቦታ ይቆይ።

የጥያቄ ምልክቶቹስ?

ወረቀቱ ላይ ጥያቄ ምልክት ያደረጋችሁባቸውን በሌላ ወረቀት ገልብጡ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የወሰዳችሁት ሥልጠና፣ አባቷ ገበሬ በመሆኑ ከልጅነቷ ማሳ ውስጥ ማደጓ። እነዚህ ቆሻሻ አይደሉም፤ ሰዓታቸው አልደረሰም እንጂ። ለእያንዳንዱ «ይሄን ምን ብለው ቢጠይቁኝ ነው የምናገረው?» የሚል ጥያቄ ጻፉበት።

አንድ ደቂቃው ውስጥ ደግሞ ሆን ብላችሁ አንድ ሁለት በር ክፍት ተዉ። «የብቅለት ሙከራም ራሴ እሠራለሁ» ብላ ዝም ያለችው ለዛ ነው። «እንዴት ነው የምትሠሪው?» ብለው ከጠየቋት 400 ፍሬ እንደምትወስድ፣ መቶ መቶ አድርጋ አራት ቦታ እንደምትከፍል፣ በቆሎ ከሆነ በሰባተኛው ቀን የመጨረሻውን ቆጠራ እንደምትሠራ ትነግራቸዋለች። ይሄን ሁሉ መግቢያው ላይ ብትዘረግፈው ሰዓት ይበላባት ነበር። ተጠይቃ ስትመልሰው ግን ዕውቀት ነው። የማትችሉትን በር ግን አትክፈቱ፤ ተጠይቆ መንተባተብ ሳይናገሩ ከመቅረት ይብሳል።

ስትለማመዱ የሚበላሹ ነገሮች

አንደኛው መቸኮል ነው። አንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃውን ሳይቆርጥ በፍጥነት አንድ ደቂቃ ውስጥ ሊጨምቀው ይሞክራል። ቀድታችሁ ስትሰሙት የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ግሶች እየተዋጡ ከሆነ ቃሉ ገና አልቀነሰም ማለት ነው። አማርኛ ላይ መጨረሻው ግስ ከተዋጠ ሠራችሁ ወይስ አልሠራችሁም እንኳ አይታወቅም።

ሁለተኛው መሸምደድ። እሷም ሦስተኛው ቀን ላይ በቃሏ ይዛው እንደ ግጥም ስታነበንበው አገኘኋት። አንድ ቃል ሲጠፋባት ጠቅላላ ቆመች። ወረቀቱን ቀማኋትና አራት ቃል ብቻ በጣቶቿ እንድትይዝ ነገርኳት። ባለሙያ፣ ሠላሳ ሁለት፣ አራተኛው፣ ላቦራቶሪ። ከአንዱ ጣት ወደሌላው የምትሄድበት አነጋገር በየቀኑ ቢለያይ ችግር የለውም። አምስት ጊዜ ቅዱት፤ ከ50 እስከ 60 ሰከንድ ውስጥ ከወደቀ ደህና ነው። 45 ከሆነ አትሙሉት፣ ተዉት።

ሦስተኛው የማይዘጋ ምስጋና ነው። «ይሄንን ዕድል ስለሰጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ፣ ብትቀጥሩኝም…» እያሉ መሄድ። አንድ «አመሰግናለሁ» ይበቃል። ከዛ የሚመጣውን ዝምታ አትፍሩት፣ ፈታኞቹ እየጻፉ ነው። ይሄ ለኔ ራሱ እስካሁን ይከብደኛል።

አራተኛ፣ ሌላ ሥራ ስትወዳደሩ ይሄንኑ ይዛችሁ አትሂዱ። እሷ ነገ ለኤክስቴንሽን ሠራተኝነት ብትወዳደር የብቅለት ሙከራው ይወጣል፣ የተቆጣው ገበሬ ይሰፋል። የሚለወጠው ሃያ ቃል ቢሆን ነው፣ ግን ማስታወቂያው እንደገና መነበብ አለበት።

ኢንተርቪው የገባች ዕለት ከሰዓት ደወለች። «ጨረስሽ ወይ?» አልኳት።

«ጨረስኩ። ዝም ስል መሀል ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ቀና ብለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አሉ?»

«'አራተኛው ማሳ ላይ ያለው በቆሎ መጨረሻው ምን ሆነ?' አሉኝ። እህል ሆኖ ተሸጠ አልኳቸው። ከዛ ስለሱ ብቻ አሥር ደቂቃ አወራን።»

ውጤቱ ገና አልተለጠፈም።